ሪፖርቱ ውስጥ ያልነበሩት ደብዳቤዎች፦ የአንድ የድጋፍ ቡድን ኢንቦክስ ጉዳይ ጥናት

የቡድኑ መሪ ሪፖርቱን ከፍታ ጠበቀችኝ። «እስቲ እየው» አለችኝ። «አማካይ የመጀመሪያ ምላሽ 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። በሦስት ወር ውስጥ አንድም ሳምንት ከ4 ሰዓት አላለፈም። ታዲያ ሰዉ ለምንድን ነው የሚጮኸው?»

ጩኸቱ እውነት ነበር። ሥራ አስኪያጁ ጋ በቀጥታ የሚደውሉ ደንበኞች ነበሩ። «ለኢሜይላችን መልስ የለም» ይላሉ። እሳቸውም ቡድኑ ሰነፍ ነው ወይስ ሰው አንሶታል የሚለው ግራ አጋብቷቸው ነው እኔን የጠሩኝ። ጥያቄያቸው አጭር ነበር፦ አንድ ሰው እንጨምር ወይስ አንጨምር?

ድርጅቱ ለአነስተኛ ነጋዴዎች የሒሳብ መዝገብ ሶፍትዌር ይሸጣል። የድጋፍ ቡድኑ አምስት ሰው ነው። ሁሉም የሚሠሩት በአንድ የጋራ ኢንቦክስ ላይ ነው። ኢንቦክሱን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር ሦስት ሪፖርት ያወጣል፤ የምላሽ ጊዜ፣ የገቡ መልእክቶች ብዛትና ገና ያልተዘጉ ጉዳዮች ቁጥር። የመጨረሻውን እኛ ውዝፍ እንለዋለን። ቡድኑ በየሳምንቱ የሚያየው ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። ስለ ብዛቱ የሚያውቁት «በቀን ወደ 80 ይገባል» የሚለውን ነው። ውዝፉን ማንም አይከፍተውም ነበር። ምክንያቱን ስጠይቅ «ቁጥሩ ትክክል አይደለም፤ ያለቁ ነገሮችም ክፍት ሆነው ይቀራሉ» አሉኝ። ይህ ከፊሉ እውነት ነው። ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ያደረግኩት የምላሽ ጊዜውና የውዝፉ ሪፖርቶች እርስ በርስ ይስማሙ እንደሆነ ማየት ነበር። ለዚህ አንድ ቀላል ስሌት አለ። እ.ኤ.አ. በ1961 የኦፕሬሽን ተመራማሪው ጆን ሊትል ማረጋገጫውን ያወጣለት ነው፤ በስሙም የሊትል ሕግ ይባላል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በማንኛውም ሰዓት ወረፋ ላይ ያሉት በአማካይ ስንት እንደሆኑ ለማወቅ፣ በሰዓት የሚገባውን ብዛት አንዱ በአማካይ በሚጠብቀው ሰዓት ታባዛለህ። ለባንክ ወረፋም ለኢሜይል ወረፋም ይሠራል። የሚፈልገው የሚገባውና የሚወጣው ለረጅም ጊዜ ተመጣጥኖ እንዲቆይ ብቻ ነው።

በእኛ ጉዳይ በቀን 80 ደብዳቤ ይገባል። የሥራ ቀኑ 8 ሰዓት ስለሆነ በሰዓት 10 ማለት ነው። ሪፖርቱ እንደሚለው አንዱ ደብዳቤ የሚጠብቀው 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ከሆነ፣ እኩለ ቀን ላይ ኢንቦክሱን ብንከፍት መልስ የሚጠብቁት 37 አካባቢ መሆን አለባቸው። ከፈትነው። የመጀመሪያ መልስ ያላገኙት 214 ነበሩ።

እዚህ ላይ የቡድኑ መሪ ዝም አለች። ከዚያ «ይሄ ሊሆን አይችልም» አለች። ልክ ነበረች። ሁለቱ ቁጥሮች አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ወይ ወረፋው ተመጣጥኖ አልቆየም፣ ወይ የምላሽ ጊዜው ሪፖርት ሁሉንም ደብዳቤ አይቆጥርም። ሁለቱም ሆኖ ነው ያገኘነው።

የምላሽ ጊዜ ሪፖርት የሚሠራው ከደረሰበት ሰዓት እስከ ተመለሰበት ሰዓት ያለውን ልዩነት በመውሰድ ነው። ደብዳቤው ካልተመለሰ ሁለተኛው ሰዓት የለም። ስለዚህ ልዩነትም የለም። ስለዚህ ደብዳቤው አማካዩ ውስጥ አይገባም። ሁለት ወር የጠበቀ ደብዳቤ እስካልተመለሰ ድረስ አማካዩን በአንድ ደቂቃ እንኳ አያንቀሳቅሰውም። ሶፍትዌሩ ተበላሽቶ አይደለም። የተጠየቀውን ነው የመለሰው፦ «ከመለስናቸው ውስጥ በአማካይ በስንት ሰዓት መለስን?» ሰዉ ግን የሚያነበው «ደንበኛ በአማካይ ስንት ሰዓት ይጠብቃል?» ብሎ ነው። ቡድኑ ሦስት ወር ሙሉ የተሳሳተው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መካከል ነው።

214ቱን በዕድሜያቸው ለየናቸው። ከአንድ ቀን በታች የቆዩ 36። ከአንድ ቀን እስከ አንድ ሳምንት 16። ከሳምንት በላይ 162። የመጀመሪያው ቁጥር ሪፖርቱ ከሚለው ጋር ይገጥማል፤ 37 ይሆናል ብለን 36 አገኘን። ጤናማ የሚንቀሳቀስ ወረፋ አለ፣ ከሥሩ ደግሞ የማይንቀሳቀስ ክምር አለ። መሀሉ ባዶ ማለት ይቻላል። ይህ ቅርጽ ራሱ ብዙ ይናገራል። ቡድኑ ሥራ በዝቶበት ብቻ የዘገየ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ደብዳቤ ትንሽ ትንሽ ዘግይቶ መሀሉ ይሞላ ነበር። እዚህ ግን ደብዳቤው ወይ በዚያው ቀን ይመለሳል፣ ወይ ጭራሽ አይመለስም።

ለምን እንደሆነ ለማየት ከአንዱ ባልደረባ አጠገብ አንድ ጠዋት ተቀመጥኩ። ኢንቦክሱን ሲከፍት ገጹ 25 ደብዳቤ ያሳያል። አደራደሩ አዲሱን ከላይ ነው። ከላይ ይጀምራል። የይለፍ ቃል የጠፋበት፤ መለሰ። ደረሰኝ ማተም ያቃተው፤ መለሰ። ሦስተኛዋን ከፈታት፣ አነበባት፣ ረጅም ነበረች፣ ዘጋት። «ይቺን ረጋ ብዬ ነው የማያት» አለኝ። ከልቡ ነው ያለው። ግን እሱ አራተኛውን ሲመልስ ሁለት አዲስ ደብዳቤ ገባ፣ ያቺ ረጅም ደብዳቤ ወደ ታች ወረደች። ከምሳ በኋላ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበረች። ሁለተኛውን ገጽ ያን ቀን ሲከፍት አላየሁትም።

ቁጥሩ ይህንኑ ያረጋግጣል። ቡድኑ በቀን በአማካይ 77 ይመልስ ነበር፤ የሚገባው 80 ነው። ልዩነቱ ሦስት ነው። በቀን ሦስት ደብዳቤ ማንም ልብ አይለውም። 60 የሥራ ቀን ሲቆጠር ግን 180 ይሆናል። የእኛ የማይንቀሳቀስ ክምርም እዚያው አካባቢ ነው።

ውዝፉ መቼ እንደጀመረ ማወቅ ፈልገን ነበር። ሶፍትዌሩ ግን የዛሬውን ውዝፍ እንጂ ያለፈውን አያስቀምጥም። ብዙ ሶፍትዌር እንዲህ ነው፤ ዛሬ ካልመዘገብከው ነገ አታገኘውም። መውጫ መንገዱ ከጥሬ መረጃው መልሶ መሥራት ነው። የሁሉንም ደብዳቤ ዝርዝር ወደ ኤክሴል አወጣን። አንደኛው ዓምድ የደረሰበት ቀንና ሰዓት፣ ሁለተኛው በሰው የተመለሰበት ቀንና ሰዓት ነው፤ ካልተመለሰ ባዶ። ከዚያ በጎን ቀኖቹን ደርድረን ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ጥያቄ ጠየቅን፦ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ደርሰው፣ ወይ ከዚያ በኋላ የተመለሱ ወይ እስከ ዛሬ ያልተመለሱ ስንት ናቸው?

```
=COUNTIFS(A:A,"<="&F2,B:B,">"&F2)+COUNTIFS(A:A,"<="&F2,B:B,"")
```

እዚህ `F2` የምንጠይቅበት ቀንና ሰዓት ነው። ወደ ታች ስንጎትተው ያለፈው የሦስት ወር ውዝፍ በየቀኑ ወጣ። ግራፉ ከአንድ ሳምንት ጀምሮ ቀስ ብሎ፣ ሳይወርድ፣ ሲወጣ ይታያል። ያ ሳምንት ድርጅቱ የሚሸጠው የሒሳብ ሶፍትዌር አዲሱ ዕትም የወጣበት ነው። ከዚያ በፊት ወረፋው 35 አካባቢ ይዋልል ነበር።

እዚህ ላይ በአንድ ነገር ተጠንቅቀን ነበር። ሁለተኛው ዓምድ ላይ «በሰው የተመለሰበት» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። «ደብዳቤዎ ደርሶናል» የሚለው አውቶማቲክ መልስ እንደ መጀመሪያ ምላሽ ከተቆጠረ፣ የምላሽ ጊዜው ሁሌም ዜሮ ደቂቃ አካባቢ ይሆናል፣ ያልተመለሰ ደብዳቤም አይኖርም። በዚህ ቡድን ሶፍትዌሩ አይቆጥረውም ነበር። ግን ሳናረጋግጥ አላለፍነውም።

አሁን ወደ 162ቱ እንምጣ። የቡድኑ መሪና እኔ ሁለት ቀን ወስደን አንድ በአንድ ከፈትናቸው። ይህን የሚተካ ሪፖርት የለም። የክምሩን ቁጥር ማንኛውም ግራፍ ይነግርሃል፤ ምን እንደሆነ ግን ካላነበብከው አታውቀውም።

61ዱ የሌላ ክፍል መልስ የሚጠብቁ ነበሩ፤ ገንዘብ ይመለስልኝ የሚሉ፣ የተከፈለ ሒሳብ አልታየልኝም የሚሉ። ድጋፉ ራሱ ሊወስን አይችልም፤ ስለዚህ ለደንበኛው ምንም ሳይል ፋይናንስን ይጠብቃል። 48ቱ ያለቁ ነበሩ። ደንበኛው በሌላ ደብዳቤ ጽፎ መልስ አግኝቷል፣ የመጀመሪያው ደብዳቤ ክፍት ቀርቷል። «ቁጥሩ ትክክል አይደለም» ያሉኝ ይህን ነው። ትክክል ነበሩ፤ ግን ከ162ቱ 48ቱ ብቻ ናቸው እንጂ ሁሉም አይደሉም። የቀሩት 53ቱ ግን ከባድ ጥያቄዎች ናቸው። የጠፋ መረጃ፣ የተዛባ የዓመት መዝጊያ ሒሳብ፣ ሦስት ገጽ የሚያህል ማብራሪያ። እያንዳንዱን አንድ ሰው ከፍቶት ዘግቶታል። ማንም አልወሰደውም።

ከእነዚህ ውስጥ አንዷ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣችም። አንዲት ባለሱቅ ናት። ዕትሙ ከተቀየረ በኋላ የአንድ ወር ሽያጯ ከመዝገቡ ጠፍቷል። መጀመሪያ የጻፈችው ደብዳቤ የ58 የሥራ ቀን ዕድሜ ነበረው። ቀኖቹን፣ የደረሰኝ ቁጥሮቹን፣ የሞከረችውን ሁሉ በሥርዓት ዘርዝራለች። ከሳምንት በኋላ በአዲስ ደብዳቤ «ደርሷችኋል ወይ?» ብላ ጠየቀች። ዝም። ሦስተኛው አጭር ነው፦ «እባካችሁ የግብር ጊዜ ደርሶብኛል።» ለዚህኛው በ20 ደቂቃ ውስጥ መልስ አገኘች። «ደርሶናል፣ እያየነው ነው» ይላል። ከዚያ ወዲያ ማንም አልጻፈላትም።

ሪፖርቱ ላይ ይቺ ሴት እንዴት እንደምትታይ አየን። የመጀመሪያውና ሁለተኛው ደብዳቤዋ መልስ ስላላገኙ የሉም። ሦስተኛው አለ፤ 20 ደቂቃ። በምላሽ ጊዜ ሪፖርት መሠረት በዚያ ሳምንት በጣም ጥሩ ከተስተናገዱት አንዷ ናት። የቡድኑ መሪ ይህን ስታይ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ተነሳች። በዚያው ቀን ራሷ ደወለችላት።

የባለሱቋ ጉዳይ ብዛቱንም እንድንጠራጠር አደረገን። ሦስት ጊዜ ጽፋለች፣ ሪፖርቱ ሦስት አዲስ ደብዳቤ ብሎ ቆጥሯል። ጉዳዩ ግን አንድ ነው። ስለዚህ የአንድ ሳምንቱን 400 ደብዳቤ በላኪው አድራሻ ደርድረን፣ አንድ ሰው በሰባት ቀን ውስጥ ደግሞ የጻፈበትን እያነበብን ለየን። 62ቱ የድሮውን ጉዳይ የሚያስታውሱ ነበሩ። አዲስ ጉዳይ የሆነው 338 ብቻ ነው። እንግዲህ «በቀን 80» ከሚባለው ውስጥ 12 ያህሉን የወለደው መዘግየቱ ራሱ ነው።

ደግሞ አደራደሩን አስቡት። አዲሱ ከላይ በሚሆንበት ኢንቦክስ የሚነዘንዝ ደንበኛ ከላይ ይወጣል፣ በትዕግሥት የሚጠብቅ ወደ ታች ይወርዳል። ደንበኞቹ ይህን ማንም ሳይነግራቸው ተምረውታል።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ጥያቄ ስንመለስ፣ ሰው ይጨመር አይጨመር ለማለት ብዛት ብቻውን አይበቃም። ደብዳቤ ከደብዳቤ ይለያያል። አምስቱም ሠራተኞች ለሦስት ቀን ያህል እያንዳንዱ ደብዳቤ የወሰደባቸውን ደቂቃ እንዲጽፉ ለመንናቸው። ከስብሰባና ከስልክ ውጭ አንድ ሰው ኢንቦክስ ላይ የሚያሳልፈው በቀን 5 ሰዓት ተኩል ሆኖ ተገኘ። ለአምስቱ 1650 ደቂቃ ማለት ነው። ለ77 ደብዳቤ ስናካፍለው ለአንዱ ከ21 ደቂቃ ትንሽ ይበልጣል። የጎደለው በቀን ሦስት ደብዳቤ ነው፤ አንድ ሰዓት ያህል ሥራ። የማስታወሻ ደብዳቤዎቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው 5 ደቂቃ ያህል ይወስዳሉ፤ መክፈት፣ የድሮውን መፈለግ፣ «እያየነው ነው» ብሎ መጻፍ። 12 ሲሆኑ አንድ ሰዓት። ጉድለቱና ብክነቱ እኩል ናቸው።

ይህን ስናገር ሥራ አስኪያጁ «ስለዚህ ሰው አያስፈልግም ነው የምትለኝ?» አሉ። «ለዘለቄታው አይመስለኝም» አልኳቸው። «ክምሩን ለማንሳት ግን ያስፈልጋል። ክምሩ እያለ ማስታወሻው አይቆምም፣ ማስታወሻው እያለ ክምሩ አይቀንስም።» ከሌላ ክፍል አንድ ሶፍትዌሩን የሚያውቅ ሰው ለሁለት ሳምንት ተዋስን። 53ቱ ከባድ ጥያቄዎች አንዱ በአማካይ 40 ደቂቃ ቢወስድ 35 ሰዓት ያህል ነው፤ በሁለት ሳምንት ይገባል። 61ዱን ይዘን ፋይናንስ ጋ ሄድን። 48ቱን ከመልሳቸው ጋር አያይዘን ዘጋናቸው።

የአሠራር ለውጡ ትንሽ ነው። ኢንቦክሱ ደንበኛው መጀመሪያ ከጻፈበት ሰዓት አንጻር፣ ረጅም የጠበቀው ከላይ ሆኖ እንዲደረደር አደረግን። እዚህ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙ ሶፍትዌር «የቆየው ከላይ» ሲባል የሚያየው የመጨረሻውን እንቅስቃሴ ነው። ያኔ በዚያው ደብዳቤ ላይ «ደርሷችኋል?» ብሎ የጻፈ ደንበኛ እንደገና ወደ ወረፋው ጅራት ይወረወራል። ስለዚህ ሰዓቱ መቆጠር ያለበት መልስ ካላገኘበት የመጀመሪያ መልእክት ነው። ሁለተኛው ለውጥ፣ ከላይ ያለውን የከፈተ ሰው ወይ ይመልሳል ወይ በስሙ ይይዘዋል፤ ዘግቶ ማለፍ የለም።

ከዚያ የመጀመሪያው የማጽዳት ሳምንት አለቀ፣ ሪፖርቱም መጣ። አማካይ የመጀመሪያ ምላሽ ጊዜ 32 ሰዓት።

ሥራ አስኪያጁ ደወሉ። ድምፃቸው ጥሩ አልነበረም። «ጭራሽ አባሳችሁት እኮ!» አሉ። እኔ ይህን አስቀድሜ ልነግራቸው ይገባ ነበር፤ አልነገርኳቸውም። ጥፋቱ የኔ ነው። በዚያ ሳምንት ቡድኑ 450 ደብዳቤ መልሷል። 390ዎቹ የተለመዱ ናቸው፣ በአማካይ በ3 ሰዓት ተኩል የተመለሱ። 60ዎቹ ግን ከክምሩ የወጡ ናቸው፣ በአማካይ 220 የሥራ ሰዓት የጠበቁ። ባልተመለሱበት ጊዜ የማይታዩት ደብዳቤዎች በተመለሱበት ቀን ሙሉ ዕዳቸውን ይዘው አማካዩ ላይ ወደቁ። ቡድኑ በሦስት ወር ውስጥ ከሠራቸው ሳምንቶች ሁሉ የተሻለው ይህ ነበር፤ በሪፖርቱ ግን ከሁሉም የከፋ ሆኖ ታየ።

በዚያው ሳምንት ሚዲያኑ ምን እንዳደረገ አሳየኋቸው። ሚዲያን ማለት ሁሉንም ከፈጣኑ ወደ ዘገምተኛው ደርድረህ መሀል ላይ የምታገኘው ነው። ከ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ወደ 2 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ብቻ ነው የሄደው። አብዛኛው ደንበኛ ምንም አልተለወጠበትም ማለት ነው። ግን ሚዲያንም ቢሆን ያልተመለሱትን አያይም። ወደ ሚዲያን መዞሩ ብቻውን ስህተቱን ያስውበው ነበር እንጂ አያርመውም።

ስለዚህ ሪፖርቱን ከሥሩ ቀየርነው። በተመለሱበት ሳምንት መቁጠር ተውን፤ በገቡበት ሳምንት መቁጠር ጀመርን። ጥያቄው «በዚህ ሳምንት ከገቡት ውስጥ በ8 የሥራ ሰዓት ውስጥ ከሰው መልስ ያገኙት ስንት ናቸው?» ሆነ። ያልተመለሰ ደብዳቤ እዚህ አይሰወርም፤ ከገቡት መካከል ይቆጠራል፣ ከተመለሱት መካከል ይጎድላል። የድሮ ክምር ማጽዳትም የዚህን ሳምንት ቁጥር አያበላሽም። ከለውጡ በፊት የነበረውን አንድ ሳምንት በዚህ መንገድ ስናሰላው ከ400ው 358 ሆነ። 42 ሰው በዚያ ቀን መልስ አላገኘም፤ ከእነሱ 15 ያህሉ ጭራሽ። ጩኸቱ ይመጣ የነበረው ከእነዚህ ነው።

ከዚህ ጋር በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ አንድ ሰው ሁለት ቁጥር ይጽፋል፦ ስንት ደብዳቤ እኛን እየጠበቀ ነው፣ ከእነሱ የቆየው ስንት ቀኑ ነው? አንድ ደቂቃ የማይወስድ ሥራ ነው፤ ያለፈውን ውዝፍ በቀመር መልሶ ከመሥራትም ያድናል።

«እኛን እየጠበቀ» የሚለውን መተርጎም ግን ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ የመጀመሪያ መልስ ያላገኙትን ብቻ ነበር የምንቆጥረው። በሁለተኛው ሳምንት «ደርሶናል፣ እያየነው ነው» የሚሉ መልሶች መብዛት ጀመሩ። ማንንም አልወቅስም። ሰው በሚቆጠርበት ነገር ላይ ይበረታል፣ እኛም የመጀመሪያውን መልስ እንደምንቆጥር ነግረናቸዋል። ባለሱቋ ግን የተረሳችው በዚሁ ዓይነት መልስ ነበር። ስለዚህ ትርጉሙን ቀየርነው፦ የመጨረሻው ቃል የደንበኛው የሆነበት፣ ወይም እኛ እንመለሳለን ብለን ያልተመለስንበት ሁሉ እኛን የሚጠብቅ ነው። «እያየነው ነው» የሚል መልስ የላከ ሰው ጉዳዩን በስሙ ክፍት አድርጎ ያስቀምጣል፣ ሰዓቱም አይቆምም። በሁለት ቀን ውስጥ ያ መልስ ቀነሰ።

የሰዓቱንም ነገር ሪፖርቱ አናት ላይ እንዲጻፍ አድርገናል። ሶፍትዌሩ የሚቆጥረው በሥራ ሰዓት ነው። ዓርብ ማታ የጻፈ ደንበኛ ሰኞ ጠዋት ቢመለስለት ሪፖርቱ ግማሽ ሰዓት ይላል፤ እሱ ግን ሁለት ቀን ተኩል ጠብቋል። የቡድኑን ሥራ ለመለካት የሥራ ሰዓት ትክክል ነው። ደንበኛ ለምን እንደተቆጣ ለመረዳት ግን የግድግዳ ሰዓት ይሻላል።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ አየሁ። በሳምንት የሚገባው 400 ወደ 352 ወርዷል፤ ማስታወሻዎቹ ከ62 ወደ 14 ስለወረዱ። በ8 ሰዓት ውስጥ መልስ ያገኙት ከ352ቱ 338 ናቸው። እኩለ ቀን ላይ የመጀመሪያ መልስ የሚጠብቁት 34 ነበሩ። አማካይ የመጀመሪያ ምላሽ 3 ሰዓት ከ50 ደቂቃ። በጆን ሊትል ስሌት ስንፈትሸው በሰዓት 8.8 ደብዳቤ በ3 ሰዓት ከ50 ሲባዛ 34 ይሰጣል። ሁለቱ ሪፖርቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ።

አማካዩ ከድሮው በ10 ደቂቃ የባሰ ነው። የቡድኑ መሪ ይህን በሳምንታዊው ስብሰባ ላይ ራሷ አንስታ አስረዳች። ከባድ ደብዳቤዎቹ አሁን ስለሚመለሱ አማካዩ ውስጥ ይቆጠራሉ አለች።

ያልተፈታ አንድ ነገር አለ። ከፋይናንስ መልስ የሚጠብቁት እየተንቀሳቀሱ ነው፤ ግን ቀስ ብለው። የዚያን ክፍል ወረፋ ማንም አይለካም። ያን ቀን ኢንቦክሱ ውስጥ ከሁሉ የቆየው ደብዳቤ 6 የሥራ ቀን ዕድሜ ነበረው። ገንዘብ ይመለስልኝ የሚል ነው። ከላይ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ፣ የአንድ ሰው ስም ተጽፎበት ተቀምጧል።